የደረሰውን በራስ ቃል ሲጽፉ፦ ስለ ኃላፊ ጊዜ፣ ስለ አድራጊ ግስና ስለ አንደኛ መደብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሥራ ቦታ አንድ ነገር ሲደርስ፣ የደረሰበት ወይም ያየው ሰው ወረቀት ይሰጠውና «የሆነውን ጻፍ» ይባላል። ሲናገር የነበረው ሰው ብዕር ሲይዝ ይለወጣል። አፉ «ክዳኑን አላጠበቅኩትም» ሲል የነበረ ሰው፣ ወረቀት ላይ «ክዳኑ በሚገባ ሳይጠብቅ በመቅረቱ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ለዓመታት ሳነብና ጸሐፊዎቹን መልሼ ስጠይቅ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄዎቹ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስለ ግሶቹ ናቸው።

«በኃላፊ ጊዜ ጻፍ» ይሉኛል። ግን የትኛው ኃላፊ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአማርኛ ያለፈን ነገር የምንናገርበት መንገድ አንድ አይደለምና። «ጀሪካኑ ወደቀ»፣ «ጀሪካኑ ወድቋል»፣ «ጀሪካኑ ወድቆ ነበር»፣ «ጀሪካኑ ይወድቅ ነበር» አራቱም ስላለፈ ነገር ይናገራሉ፤ ለአንባቢ የሚሰጡት መልእክት ግን አራት ዓይነት ነው።

የታሪኩ አከርካሪ «ወደቀ» ነው። ምን ሆነ፣ ቀጥሎስ ምን ሆነ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይህ ቀላል ኃላፊ ነው፤ ገፋሁ፣ መታ፣ ወደቀ፣ ጮኸ፣ ሮጥኩ። እያንዳንዱ ግስ አንድ ጊዜ የተፈጸመና ያበቃ ድርጊት ነው፤ በተጻፉበት ቅደም ተከተልም ይነበባሉ።

«ወድቋል» ትኩረቱን ከድርጊቱ ወደ ውጤቱ ያዞራል። ውጤቱ አሁን፣ እርስዎ በሚጽፉበት ሰዓት፣ እንዳለ ያመለክታል። ስለዚህ «የባልደረባዬ አንጓ አብጧል» ማለት ዛሬም እንዳበጠ ነው ማለት ነው። የሦስት ቀን ታሪክ ሙሉውን በ«ወድቋል፣ ተመልሷል፣ ጠርቷል» ሲጻፍ ግን አንባቢው ዜና የሚሰማ ይመስለዋል፤ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመም ይጠፋበታል።

«ወድቆ ነበር» ደግሞ ከሌላ ያለፈ ድርጊት በፊት የሆነውን ይናገራል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንድ ሰው «በሩን ዘግቼ ነበር» ብሎ ዝም ቢል፣ ሰሚው «ከዚያስ?» ማለቱ አይቀርም። ይህ የግስ ቅርጽ «ግን» የሚል ቃል በውስጡ የደበቀ ያህል ነው፤ በሩ ኋላ ተከፍቶ ተገኝቷል ማለት ነው ብለን እንገምታለን። «ግን»ዎ እውነት ካለ ይጻፉት። ከሌለ «በሩን ዘጋሁ» ይበቃል። አንዳንድ ግሶች ላይ ግን «ነበር» ጥርጣሬ አያመጣም፦ «ክንዱን ይዞ ነበር»፣ «ተቀምጦ ነበር» ሲባል ያየነውን ሁኔታ ብቻ ነው የሚገልጸው።

«ይወድቅ ነበር» ከሁሉ ይበልጥ ተጠንቅቀው የሚጠቀሙበት ነው። «ጀሪካኑን በጋሪ እወስድ ነበር» አደጋው ሲደርስ በመካሄድ ላይ የነበረ ሥራን ሊናገር ይችላል፤ ዘወትር የሚደረግ ልማድንም ሊናገር ይችላል። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ከሆነ «እየወሰድኩ ነበር» ብለው ይጻፉ፤ ልማድ ከሆነ «ዘወትር» ወይም «በየቀኑ» የሚል ቃል ይጨምሩ።

በአፍ ስናወራ «ከዚያ ምን ይለኛል!» እንላለን። እንደዚያው መጻፍ አልችልም?

በአፍ ሲወራ ውብ ነው። «በሩን እከፍታለሁ፣ ዘይቱ ወለሉ ላይ ተንጣልሏል፣ ዞር ስል እሱ ከኋላዬ ይጮኻል» ሲባል ሰሚው በቦታው ያለ ያህል ይሰማዋል። ወረቀት ላይ ግን «ይጮኻል» ያለ ጸሐፊ፣ አንድ ጊዜ ጮኸ ወይስ ይህ ሰው ሁልጊዜ ይጮኻል ለሚል ጥያቄ ራሱን ያጋልጣል። «ጮኸ» ይበሉ።

አሁንም እንደነበረ ያለውን ነገርስ?

በአሁን ጊዜ ይተዉት። «መጋዘኑ ሁለት በሮች አሉት፤ የግራው ደፍ አለው» ትክክል ነው። «ደፍ ነበረው» ካሉ፣ ከአደጋው በኋላ ደፉ ተነሥቷል ማለትዎ ይመስላል።

«ከፍቼ፣ ገብቼ፣ አንሥቼ» እያልኩ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ጉዳት አለው?

ቦዝ አንቀጽ የአማርኛ ጌጥ ነው፤ ያለ እሱ ታሪካችን ይንገጫገጫል። ጉዳቱ የሚመጣው ሲረዝም ነው። «ከፍቼ፣ ገብቼ» ራሱን የቻለ ጊዜ የለውም፤ ጊዜውን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ካለው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። አንባቢው ከስድስት ቦዝ በኋላ ማሰሪያው ላይ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ያነበበውን እንደገና ለማንበብ ይገደዳል።

ከዚያ የከፋው፣ አድራጊው በመሐል ሲቀየር ነው። «ባልደረባዬን ጠርቼው መጥቶ ጋሪውን ይዞ ስቦ ወደቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤ ጸሐፊውን «ማን ነው የወደቀው? ሰውዬው ወይስ ጋሪው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። እሱም አንገቱን ነቅንቆ «ጋሪው ነው እንጂ!» አለኝ። ወረቀቱ ግን ሰውዬውን ጥሎታል።

ሌላው ደግሞ ሰዓቱን መዋጡ ነው። «ጨርቅ ላመጣ ሄጄ ተመልሼ ወድቆ አገኘሁት» ሲሉ በመሐል ሁለት ደቂቃ ይሁን ሃያ አይታወቅም፤ ዘይት ወለል ላይ ፈስሶ በተቀመጠበት ጊዜ ሁለትና ሃያ ደቂቃ ደግሞ አንድ አይደሉም። በተጨማሪም አንዲት ትንሽ ቅጥያ ጥፋተኛውን ልትለውጥ ትችላለች። «በስልክ አውርቶ ጋሪውን ገፋ» ካልን ወሬው ካለቀ በኋላ ገፋ ማለት ነው። «በስልክ እያወራ ጋሪውን ገፋ» ካልን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አደረገ ማለት ነው። ያየሁት የትኛውን ነው ብለው ራስዎን ጠይቀው ይጻፉ።

እኔ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት ቦዝ አላልፍም፤ አድራጊው ሲቀየር አራት ነጥብ አኖራለሁ።

ተደራጊ ግስ ሁልጊዜ ስህተት ነው?

አይደለም። ስህተት የሚሆነው እርስዎ አድራጊውን እያወቁ ሲሰውሩት ነው። «ጋሪው ተገፋ» የሚለው ቃል የገፋውን ሰው ከወረቀቱ ያስወጣዋል። የገፉት እርስዎ ከሆኑ «ጋሪውን ገፋሁት» ይበሉ። ሌላ ሰው ሲገፋው ካዩ «ባልደረባዬ ጋሪውን ሲገፋው አየሁ» ይበሉ። «በእኔ ተገፋ» የሚል ጽሑፍ ደግሞ አልፎ አልፎ ይገጥመኛል፤ ሰዋስው ሊፈቅደው ይችል ይሆናል፤ ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ነገር ግን ማን እንደገፋው ካላዩ «ተገፋ» ወይም «ተገፍቶ አገኘሁት» የሚለው ታማኙ ቃል ነው። አንዳንድ ጸሐፊ «በአድራጊ ግስ ጻፍ» የሚለውን ምክር ሰምቶ፣ ያላየውን ሁሉ ባለቤት ይፈጥርለታል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ያገኘው ሰው «ባልደረባዬ ክዳኑን ከፈተው» ብሎ ሲጽፍ፣ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ነገሩ ግን ክስ ሆኗል። ከማያውቁት «ከፈተ» ይልቅ የሚያውቁት «ተከፍቶ ነበር» ይሻላል።

በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ተደራጊ አለመሆኑንም ያስታውሱ። ተመለስኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተሻገርኩ፣ ተንሸራተትኩ የሚሉት የራስዎ ድርጊቶች ናቸው። «ተ»ን እያደኑ አይሰርዙ። መፈተኛው ፊደሉ ላይ የለም፤ «ማን?» ብለው ሲጠይቁ ዓረፍተ ነገሩ መልስ አለው ወይ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይጻፉ፦ «ዘይቱ ሊፈስ ችሏል»። ይህ «ሊ… ችሏል» ከደብዳቤና ከዜና የተማርነው ነው። ዘይቱ ለመፍሰስ ሲጥር ቆይቶ በመጨረሻ የተሳካለት ያስመስለዋል። ዘይቱ ፈሰሰ።

«ተሰበረብኝ»፣ «አመለጠኝ» ብዬ ብጽፍስ? እኔ አለሁበት አይደል?

አሉበት፤ ግን በተጎጂነት ነው ያሉት። «ብልቃጡ ተሰበረብኝ» የሚለው ቃል ጉዳቱ የደረሰው በእኔ ላይ ነው ይላል። ብልቃጡን ማን ያዘው፣ እጅ ላይ ነበር ወይስ ጠረጴዛ ላይ፣ እንዴት ወደቀ፣ ይህን ሁሉ አይናገርም። በዕለት ንግግራችን «ብርጭቆ ሰበርኩ» ከማለት «ተሰበረብኝ» ማለት ይቀለናል፤ አንድም ከትሕትና፣ አንድም ሆን ብዬ አይደለም ለማለት ነው። ሰሚያችን ይህን ስለሚያውቅ አይጠይቀንም። የጽሑፉ አንባቢ ግን ይጠይቃል።

መፍትሔው ቃሉን መሰረዝ አይደለም፤ ከፊቱ እጅዎ ያደረገውን መጻፍ ነው። «ብልቃጡን በቀኝ እጄ አንገቱን ይዤ ከመደርደሪያው አወረድኩ። ጓንቴ እርጥብ ነበር። ብልቃጡ አመለጠኝና ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ።» እዚህ ላይ «አመለጠኝ» ቦታውን አገኘ፤ ሆን ብለው እንዳልጣሉት ይናገራል፣ ምክንያቱንም ከፊቱ ያለው እርጥብ ጓንት ይነግረናል። «አዳለጠኝ»፣ «አዞረኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በአማርኛ ማዞርና ማዳለጥ የሚመጣብን ነገር ስለሆነ፣ በግድ «እኔ» ባለቤት የሆነበት ግስ መፈለግ አያስፈልግም።

«እኔ፣ እኔ» ማለት ያሳፍረኛል። «እኛ» ወይም «ሠራተኛው» ብል አይሻልም?

ደስ የሚለው ነገር፣ አማርኛ «እኔ» እንዲሉ አያስገድድዎትም። «ገፋሁ» ውስጥ ያለችው «ሁ»፣ «ወደቅኩ» ውስጥ ያለችው «ኩ» ሥራውን ጨርሰዋል። «እኔ» የሚያስፈልገው ማነጻጸር ሲኖር ብቻ ነው፦ «እሱ በግራው በር ወጣ፤ እኔ በቀኙ ገባሁ።» ከዚያ ውጭ «እኔ» የበዛበት ጽሑፍ የሚከራከር ይመስላል። («ወደቅኩ» እና «ወደቅሁ» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው ይያዙት።)

«እኛ» ግን ወጥመድ ነው። «ጀሪካኑን ጫንን» ሲሉ፣ በእርግጥ ሁለት ሆናችሁ አነሣችሁት? ከሆነ ከማን ጋር? አንድ ጊዜ ስም ወይም የሥራ ድርሻ ጠቅሰው ከዚያ በኋላ «እኛ» ማለት ይችላሉ። በትሕትና ብቻ «ጫንን» ካሉ፣ እዚያ ያልነበረ ሰው ወደ ጉዳዩ ጎትተው አስገቡ።

«ሠራተኛው» ብሎ ስለራስ መጻፍ ደግሞ አንባቢውን ሦስተኛ ሰው ፍለጋ ይልከዋል። «ሰው ሲደነግጥ ሁሉን አያስተውልም» የሚለውም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ያላስተዋሉት እርስዎ ነዎት፣ «ደንግጬ ስለነበር ምልክቱን አላየሁም» ብለው ይጻፉት።

ሌላ ሰው የነገረኝን ስጽፍ አንደኛ መደብ ይምታታብኛል። ምን ላድርግ?

ይህ በአማርኛ የታወቀ ችግር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። የሰውን ንግግር ስንጠቅስ የተናጋሪውን «እኔ» እንዳለ እናስቀምጣለን። «እመጣለሁ አለ» ስንል የሚመጣው ተናጋሪው እሱ ነው። በንግግር ድምፅ ያግዘናል። ወረቀት ላይ ግን «ክዳኑን አላጠበቅኩትም አለኝ» ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲጻፍ፣ ፈጥኖ የሚያነብ ሰው «አላጠበቅኩትም» የሚለውን የጸሐፊው ኑዛዜ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በተለይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞ «አለኝ» ወደሚቀጥለው መስመር ከወረደ።

ቃሉን በትክክል ካስታወሱ በጥቅስ ውስጥ ያኑሩትና ተናጋሪውን ከፊት ያስቀድሙ፦ ባልደረባዬ «ክዳኑን አላጠበቅኩትም» አለኝ። ቃል በቃል ካላስታወሱ ደግሞ «ክዳኑን እንዳላጠበቀው ነገረኝ» ይበሉ። ሁለተኛውን ሲመርጡ ሌላ ወንድ በታሪኩ ውስጥ ካለ ይጠንቀቁ፤ «እንዳላጠበቀው» ያለው ስለራሱ ነው ወይስ ስለዚያ ሰው? ሲያጠራጥር «እሱ ራሱ» የሚል ይጨምሩ።

አንድ ሙሉ ምሳሌ ያሳዩኝ።

እነሆ፣ ብዙ ጊዜ ከማየው ዓይነት የተሠራ ጽሑፍ፦

«ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ገደማ ዘይት የያዘ ጀሪካን በጋሪ በሚጓጓዝበት ወቅት ክዳኑ በሚገባ ሳይጠብቅ በመቅረቱ ጀሪካኑ ወድቆ ዘይት ሊፈስ ችሏል። ወዲያውኑም ለማጽዳት ጥረት የተደረገ ሲሆን፣ ሆኖም የሥራ ባልደረባችን ከበሩ ወጥቶ ተንሸራትቶ ጉዳት ደርሶበታል። አስፈላጊው የመጀመሪያ እርዳታም ተደርጎለታል።»

ሰዋስዉ ደኅና ነው፤ አለቃም ሊወደው ይችላል። አሁን በየግሱ «ማን?» ብለው ይጠይቁ። ማን ያጓጉዝ ነበር? ክዳኑን ማን ሳያጠብቀው ቀረ? ጥረት ያደረገው ማን ነው፣ ጥረቱስ ምን ነበር? ሲንሸራተት ያየው ማን ነው? እርዳታውን ማን ሰጠ? ከጽሑፉ መልስ አይገኝም። ጸሐፊውን ፊት ለፊት አስቀምጬ አንድ በአንድ ብጠይቀው፣ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ገደማ ሃያ ሊትር የማሽን ዘይት የያዘ ጀሪካን በጋሪ ጭኜ ከመጋዘኑ ወደ ጥገና ክፍል እየወሰድኩ ነበር። ከመጫኔ በፊት ክዳኑን በእጄ አዙሬው ነበር፤ መጥበቁን ግን አልፈተሽኩም። የጋሪው የፊት ጎማ የግራውን በር ደፍ ሲመታ ጀሪካኑ ወደ ጎን ወደቀ። ክዳኑ ተከፈተና ዘይቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጋሪውን እዚያው ትቼ ጨርቅ ለማምጣት ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። የጥንቃቄ ምልክት አላቆምኩም። ከአምስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ስመለስ ባልደረባዬ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀኝ አንጓውን በግራ እጁ ይዞታል። ሲወድቅ አላየሁም። እሱም “ከበሩ ስወጣ አዳለጠኝ” አለኝ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ መጥታ አንጓውን በፋሻ አሰረችለት።»

አንድ ጥፋት ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ አገኙት? «ይዞታል» ነው። ታሪኩ ሁሉ ኃላፊ ሆኖ ሳለ እዚህ ላይ ብቻ ወደ አሁን ተንሸራተተ፤ «ይዞ ነበር» መሆን አለበት። እንዲህ ያለ መንሸራተት የሚመጣው ጸሐፊው ትዕይንቱ ዐይኑ ላይ ሲመጣበት ነው፤ የተፈተሸ ጽሑፍ ላይም አያለሁ።

«አዙሬው ነበር» ላይ «ነበር» የገባው በትክክል ነው፤ ቀጥሎ የመጣው «ግን» ይጠብቀው ነበርና። «ተከፈተ» ተደራጊ ቢመስልም ተገቢ ነው፤ ክዳኑን የከፈተ እጅ የለም። ለጸሐፊው ከባዶቹ «አልፈተሽኩም»፣ «አላቆምኩም» እና «አላየሁም» ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእሱ ላይ ይመሰክራሉ። ሦስተኛው ግን የተቀረው እንዲታመን ያደርጋል፤ ያላየውን «አላየሁም» ያለ ሰው፣ «አየሁ» ሲል ይታመናል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ሦስቱም አልነበሩም። ተደራጊ ግስ ያላደረግነውን ነገር የምንጽፍበት ቦታ አይሰጠንም፤ ያልተደረገን ነገር ማን እንዳላደረገው ካልተናገርን ከነጭራሹ አይታይም።

ቃሌን ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ቢጽፈውስ?

ጸሐፊው ፈጥኖ ሲጽፍ «ምልክት አላቆምኩም» ያሉትን «ምልክት አልቆመም»፣ «ሲወድቅ አላየሁም» ያሉትን ደግሞ «ሲወድቅ አልታየም» ሊያደርገው ይችላል። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ የቢሮ እጅ ለምዶት ነው። ከመፈረምዎ በፊት የየዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ ብቻ እየነጠሉ ያንብቡ። «ኩ» ወይም «ሁ» ብለው የተናገሩት አድራጊው ጠፍቶበት ካገኙት፣ በአንድ መስመር ሰርዘው ከላይ የራስዎን ቃል ይጻፉና አጠገቡ ይፈርሙ።